የቴሌቪዥን ሶፍትዌር በፍላሽ ማዘመን፦ ምን ይጨምራል፣ አውቶማቲኩስ ይከፈት?

ስማርት ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ዓይነት አፕዴት አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን እንደ አንድ ይታያሉ። አንደኛው የአፕሊኬሽኖቹ ነው። ዩቲዩብ፣ ኔትፍሊክስና የመሳሰሉት ከቴሌቪዥኑ የአፕ መደብር ለየብቻ ይታደሳሉ። ሁለተኛው የቴሌቪዥኑ የራሱ ሶፍትዌር ነው። ምስሉን የሚያቀናብረው፣ የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎቹን የሚያዝዘው፣ ሜኑውንና ዋይፋዩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

ልዩነቱ ችግር ሲመጣ ይጠቅማል። ዩቲዩብ ብቻውን ከተንቀረፈፈ ወይም አልከፈት ካለ አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ይበቃል፤ የቴሌቪዥኑን ሶፍትዌር መነካካት አያስፈልግም። አፖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ "ግንኙነት የለም" ካሉና ስልክዎ በዚያው ዋይፋይ ያለ ችግር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ሰዓትና ቀን ይመልከቱ። አፖቹም ሆኑ የአፕዴት ሰርቨሩ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት የአገልግሎት ዘመን ባለው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ነው። የቴሌቪዥኑ ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ የምስክር ወረቀቱ ገና ያልጸና ይመስለዋልና ግንኙነቱን ያቋርጣል። ቀኑን በእጅ ማስተካከል ብቻ ብዙ "የተበላሸ" ቴሌቪዥን አድኗል። ቀኑ ትክክል ሆኖም እምቢ ካለ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ የተቀመጡት ዋና የምስክር ወረቀቶች ራሳቸው ጊዜያቸው አልፎ ሊሆን ይችላል። በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ብዙ ድረ ገጾች ሲተማመኑበት የነበረ አንድ ዋና የምስክር ወረቀት ዘመኑ ሲያበቃ፣ ሳይዘመኑ የቆዩ አሮጌ መሣሪያዎች በርካታ አገልግሎቶችን መክፈት አቅቷቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ችግር የሚፈታው የቴሌቪዥኑን ሶፍትዌር ማዘመን ነው፤ በኢንተርኔት ካልተቻለም በፍላሽ።

አፕዴቱ በእርግጥ ምን ሊጨምር ይችላል?

ጥቂት እውነተኛ ምሳሌዎች ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሳምሰንግ የ2018 ሞዴሎቹን ሲያዘምን የአፕል ቲቪ አፕና ከአይፎን ምስል በቀጥታ የሚያስተላልፈው ኤርፕሌይ 2 ተጨመሩላቸው። ሰዎቹ ሲገዙት ሁለቱም አልነበሩም። ኤልጂ በ2021 ሲ1 እና ጂ1 በተባሉት ኦሌዶቹ ላይ የምስሉን ብርሃንና ቀለም የሚያጎለብተውን ዶልቢ ቪዥንን በ4ኬ ጥራት በሰከንድ 120 ምስል ለጌም እንዲሠራ ያደረገው በሶፍትዌር ነው። ከዚያም በ2024 አንዳንድ የ2022 ሞዴሎቹ የኤልጂ ቴሌቪዥኖች ዋና ሶፍትዌር የሆነው ዌብኦኤስ ሙሉ አዲስ ስሪት ደረሳቸው። ኤልጂ ይህን ዓይነቱን ማሻሻያ እስከ አምስት ዓመት፣ ሳምሰንግ ደግሞ ከ2024 ሞዴሎቹ ጀምሮ እስከ ሰባት ዓመት እንደሚሰጡ አስታውቀዋል።

አዲስ ነገር ግን አንዳንዴ ዋጋ ያስከፍላል። ሶኒ በ2020 የሸጠው ኤክስ900ኤች የሚባለው ሞዴል፣ የምስሉን ፍጥነት ከጌም ማጫወቻው ጋር የሚያስማማውን ቪአርአር በአፕዴት ይመጣል ተብሎ ነበር። መጣም፤ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቶ። ከመጣም በኋላ ቪአርአር ሲከፈት የጨለማውን ክፍል የሚያጠቁረው የኋላ መብራት ቁጥጥር ይጠፋል። አዲስ አማራጭ ሜኑው ላይ ስላዩ ብቻ አይክፈቱት፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁር ትዕይንት እያሳዩ አንዴ ከፍተው አንዴ ዘግተው ያወዳድሩ።

ገደቡም መታወቅ አለበት። ሶፍትዌር የሌለ ሃርድዌር አይፈጥርም። ብሉቱዝ የሌለው ቴሌቪዥን በአፕዴት ብሉቱዝ አያገኝም፤ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ስክሪንም 120 አይሆንም። "ምስሉን ያጠራልኛል" ብሎ አፕዴት የሚጠብቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የምስል ሞድ በመቀየር የሚገኘውን ያህል እንኳ አይሆንም።

ከመጀመር በፊት፦ የሞዴል ቁጥሩና ስሪቱ

ቴሌቪዥኑ ኢንተርኔት ካለው ቀላሉ መንገድ ከሜኑው ማዘመን ነው። ለምን ፍላሽ ያስፈልጋል? አንደኛ፣ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ትልቅ ስለሆነ የተቆራረጠ ወይም በመጠን የተገደበ መስመር ላይ ማውረዱ ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ አምራቾች አፕዴቱን ለሁሉም በአንድ ቀን ስለማይለቁት ቴሌቪዥኑ "አዲስ ስሪት የለም" እያለ ፋይሉ ድረ ገጹ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ከላይ እንዳልነው ቀኑ ተስተካክሎም መገናኘት ያቃተውን ቴሌቪዥን በኢንተርኔት ማዘመን አይቻልም።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩንና አሁን ያለውን የሶፍትዌር ስሪት። በሳምሰንግ ሁለቱም እዚህ ይገኛሉ፦

```
Settings > All Settings > Support > About This TV
```

በሶኒ ጉግል ቲቪ ስሪቱ `Settings > System > About` ውስጥ ነው። በኤልጂ አዳዲሶቹ ላይ `Settings > All Settings > Support > Software Update`፣ ቆየት ባሉት ላይ ደግሞ `All Settings > General > About This TV` ያሳያል። የሞዴል ቁጥሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ባለው ተለጣፊ ላይም አለ።

"ሙሉ" ያልኩት በምክንያት ነው። OLED55C1PUB እና OLED55C16LA ሁለቱም የኤልጂ ባለ 55 ኢንች ሲ1 ናቸው፤ የተሠሩት ግን ለተለያየ አህጉር ነው። የቻናል መቀበያቸው ይለያያል፤ ስለዚህ ለአንዱ የወጣውን ፋይል ለሌላው ይሆናል ብሎ መገመት አይቻልም። በሳምሰንግም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት QE፣ QN ወይም QA መሆናቸው የተሸጠበትን አካባቢ ይናገራል። "ያው አንድ ዓይነት ነው" ብሎ የሌላ አካባቢ ፋይል መሞከር ጥቅም የለውም። ዕድለኛ ከሆኑ ቴሌቪዥኑ ፋይሉን አይቀበልም፤ ካልሆኑ ይቀበላል።

ፋይሉን የሚያወርዱት ከአምራቹ የድጋፍ ገጽ ብቻ ነው። አንዳንድ አምራቾች ለአንዳንድ ሞዴሎች የፍላሽ ፋይል ጭራሽ አያወጡም። ያን ጊዜ ከማይታወቅ ድረ ገጽ "ተመሳሳይ" ፋይል አይፈልጉ፤ በአንድ የሞዴል ስም የሚሸጡ ቴሌቪዥኖች ውስጣቸው የተለያየ ቦርድ ሊኖራቸው ይችላል።

ሥራው ራሱ፦ ኤልጂን ምሳሌ አድርገን

እንበል ቴሌቪዥኑ OLED55C16LA ነው፤ የተጻፈበት ስሪት 03.20.10 ነው። የአምራቹ የድጋፍ ገጽ ላይ ሙሉ ቁጥሩን አስገብተን የሶፍትዌር ክፍሉን ስንከፍት 03.30.15 የሚል አገኘን። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተጻፉ ናቸው፤ የሚነበቡት ከግራ ወደ ቀኝ በየነጥቡ ነው። የመጀመሪያዎቹ 03 እኩል ናቸው፣ ከ20 ግን 30 ይበልጣል፤ ስለዚህ የድረ ገጹ አዲስ ነው።

ፍላሹ ከ8 እስከ 32 ጊጋባይት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቴሌቪዥኖች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያነቡት ፎርማት ፋት32 ሲሆን፣ የዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ደግሞ ይህን አማራጭ በተለምዶ የሚያቀርበው እስከ 32 ጊጋባይት ላለው ፍላሽ ነው። ከዚያ የሚበልጠውን ኤክስፋት ያደርገዋል፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን ኤክስፋት ይቀበላል፣ አንዳንዱ ፍላሽ መሰካቱን እንኳ አያውቅም። ፎርማት ማድረግ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋልና የሚፈልጉትን ፋይል አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ያውጡ። ከዚያ ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ ሰክተው በቀኝ ጠቅ ያድርጉ፣ `Format` ይበሉ፣ `FAT32` ይምረጡ።

የወረደው ፋይል ዚፕ ነው። ዚፑን እንዳለ ፍላሹ ላይ መገልበጥ በብዛት የሚሠራ ስህተት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ዚፕ አይፈታም። ኮምፒውተሩ ላይ ሲፈቱት ስሙ በ.epk የሚያልቅ አንድ ፋይል ይወጣል። ስሙን አይቀይሩ። ፍላሹ ላይ ይህ ስም ያለው ፎልደር ይፍጠሩና ፋይሉን ውስጡ ያስገቡ፦

```
LG_DTV
```

ፊደላቱ ትላልቅ ይሁኑ፤ መካከል ያለው ሰረዝ የታችኛው ነው። ፎልደሩ በሌላ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ፍላሹ ሲከፈት መጀመሪያ በሚታየው ቦታ ላይ ይቀመጥ። ዚፕ የሚፈቱ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በዚፑ ስም ሌላ ፎልደር ይጨምራሉና ፋይሉ በዚያ ተጠቅልሎ እንዳልገባ ይመልከቱ።

ከመንቀልዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። ፍላሹ ላይ ያለውን የ.epk ፋይል በቀኝ ጠቅ አድርገው `Properties` ይክፈቱና መጠኑን ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ እስከ መጨረሻዋ ባይት እኩል መሆን አለበት። ከዚያ `Eject` ብለው ይንቀሉ። ኮምፒውተሩ "ጨርሻለሁ" ካለ በኋላም የመጨረሻውን ቁራጭ እየጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ዝም ብሎ የተነቀለ ፍላሽ ጎዶሎ ፋይል ይዞ ይቀራል።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ። ሌሎች ፍላሾችና ሃርድ ዲስኮች ካሉ ይንቀሉ፤ ይህን ፍላሽ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰኩ። ቴሌቪዥኑ በርቶ ሳለ ሲሰኩት ፋይሉን አንብቦ አሁን ያለውንና የሚጫነውን ስሪት የሚያሳይ መስኮት ያወጣል። ቁጥሮቹ ወረቀቱ ላይ ከጻፏቸው ጋር ከገጠሙ ጭነቱን ይጀምሩ። መስኮቱ ካልወጣ ከሦስት ነገር አንዱ ነው፦ የፎልደሩ ስም ተሳስቷል፣ ፍላሹ አልተነበበም፣ ወይም ፋይሉ ካለው ስሪት አይበልጥም። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ፍላሹ ላይ አንድ ፎቶ ጨምረው በቴሌቪዥኑ ለማየት ይሞክሩ። ፎቶው ከታየ ፍላሹ ደህና ነው፤ ችግሩ ከፎልደሩ ወይም ከስሪቱ ነው።

ጭነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። በመካከል ስክሪኑ ሊጠቁር፣ ቴሌቪዥኑም ራሱ ጠፍቶ ሊበራ ይችላል፤ ይህ ጤነኛ ነው። ፍላሹን አይንኩ፣ ሪሞቱንም ያስቀምጡት። መብራት የሚቆራረጥበት ቤት ከሆነ ኃይሉ የሚረጋጋበትን ሰዓት ይምረጡ። የኃይል መቋረጥ የሚጎዳው ሶፍትዌሩ ወደ ቋሚ ማኅደረ ትውስታ እየተጻፈ ሳለ ነው፤ አሮጌው ተሰርዞ አዲሱ ካልተጠናቀቀ ቴሌቪዥኑ የሚነሳበት ነገር ያጣል። አንዳንድ አዳዲስ መሣሪያዎች አሮጌውን ቅጂ ለብቻው ይዘው ስለሚቆዩ ከዚህ ይተርፋሉ፤ የእርስዎ ከነዚያ አንዱ ነው ብለው ግን አይወራረዱ።

በሳምሰንግ ልዩነቱ ጥቂት ነው። የወረደው ተፈትቶ የሚወጣው ፎልደር እንዳለ ፍላሹ ላይ ይቀመጥና `Support > Software Update > Update Now` ሲጫኑ ቴሌቪዥኑ ፍላሹን ይፈትሻል። በሶኒ ደግሞ ስሙ በ.pkg የሚያልቀው ፋይል ያለ ፎልደር ይቀመጣል።

ሳይሳካ ሲቀር

የሂደቱ መስመር በአንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ቢቀር ለመንቀል አይቸኩሉ። አንድ ሙሉ ሰዓት ምንም ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ኃይሉን ከግድግዳው ይንቀሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። ብዙ ጊዜ በአሮጌው ስሪት ይነሳል፤ ያን ጊዜ ፋይሉን እንደገና አውርደው በሌላ ፍላሽ ይሞክሩ። አርማው እየታየ እየጠፋ ከዚያ የማያልፍ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩ ጎዶሎ ሆኗል ማለት ነውና የአምራቹን ጥገና ይፈልጋል። በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሳምሰንግ ኤምዩ ሞዴሎች ያጋጠማቸው ጥፋት እንዲያውም የተጠቃሚ ስህተት አልነበረበትም፤ ከኩባንያው የተላከ አፕዴት አንዳንዶቹን ለቀናት ከጥቅም ውጭ አድርጓቸው ነበር።

ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ ቴሌቪዥኑ ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያይ እምቢ ይላል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የምስልና የድምፅ ሜኑዎቹን ገጽ በገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ካዘመኑ በኋላ የምስሉ ቀለም ወይም እንቅስቃሴው እንግዳ ከሆነብዎት የተቀየረውን ከፎቶው ማግኘት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የድምፅ ማጉያዎ በኤችዲኤምአይ መናገር ካቆመ ሁለቱንም ከግድግዳ ነቅለው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩ፤ መጀመሪያ ማጉያውን፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን ያብሩ። ፋብሪካው ወዳወጣው ሁኔታ መመለስ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አይዝለሉ። ከትልቅ አፕዴት በኋላ አዲስ የስምምነት ገጽ ይመጣል፤ ሰው ቸኩሎ "ሁሉንም እቀበላለሁ" ይላል። ከሚቀበላቸው መካከል የሚያዩትን እየለየ ወደ ኩባንያው የሚልከው አገልግሎት አለ፦ በሳምሰንግ `Viewing Information Services`፣ በኤልጂ `Live Plus` ይባላል። አስቀድመው ዘግተውት ከነበረ እንደተዘጋ መሆኑን ሄደው ይዩ።

አውቶማቲኩስ?

ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ከሆነ እንዲከፍቱት እመክራለሁ፤ ዋናው ምክንያትም አዲስ አፕ ወይም ያማረ ሜኑ አይደለም። ቢትዲፌንደር የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ከዌብኦኤስ 4 እስከ 7 በሚጠቀሙ የኤልጂ ቴሌቪዥኖች ላይ ክፍተት አግኝቶ ነበር። በዚያ ክፍተት አጥቂ የሚስጥር ቁጥሩን ሳያስገባ ራሱን ተጠቃሚ አድርጎ መመዝገብ፣ ከዚያም መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር ይችል ነበር። ኤልጂ መጋቢት 2024 ላይ መድኃኒቱን ለቀቀ፤ ዝርዝሩ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ለሁሉም ይፋ ሆነ። አውቶማቲኩ የተከፈተለት ሰው ነገሩን ሳይሰማ ሊዳን ይችል ነበር፤ የዘጋው ግን ክፍተቱ አደባባይ ከወጣ በኋላም እንደተጋለጠ ነው።

መዝጋት ትክክል የሚሆንባቸው ሁኔታዎች አሉ። መስመርዎ ከስልክ ዳታ የሚጋራ ከሆነ አፕዴቱ ሳይጠይቅ ጥቅሉን ሊጨርስብዎት ይችላል። ኃይል በማንኛውም ሰዓት የሚጠፋበት ቦታ ከሆነ ጭነቱ መቼ እንደሚጀመር እርስዎ ቢወስኑ ይሻላል። ለጌም ወይም ለሥራ በጥንቃቄ ያስተካከሉት ምስል ካለዎትም ሌሎች በአዲሱ ስሪት ምን እንዳጋጠማቸው ሰምተው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢጭኑ ብልህነት ነው። እንዲህ ካደረጉ ግን በየሦስትና አራት ወሩ ራስዎ ሊፈትሹ ይገባል። ከኢንተርኔት ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ቴሌቪዥን በበኩሉ የጎደለው ነገር ከሌለ ባይዘመንም ችግር የለውም።

መቆጣጠሪያው በሳምሰንግ `Software Update` ውስጥ `Auto Update` ነው፤ በኤልጂ `Auto Update` ወይም `Allow Automatic Updates` ተብሎ ይገኛል። ጉግል ቲቪ ላይ ይህን መዝጋት አፖቹን አያቆምም፤ የእነሱ መቆጣጠሪያ ጉግል ፕሌይ ቅንብር ውስጥ `Auto-update apps` የሚለው ነው።

ከፍተውትም ለወራት ስሪቱ ካልተቀየረ የሚያጠፉበትን መንገድ ያስቡ። ብዙ ቴሌቪዥኖች የወረደውን የሚጭኑት በሪሞት ጠፍተው ኃይል ግን ሳይቋረጥባቸው ነው። ሁልጊዜ ማታ ከማከፋፈያው ላይ የሚዘጋ ቴሌቪዥን ያንን ሰዓት አያገኝም፤ በሳምንት አንድ ሌሊት በሪሞት ብቻ አጥፍተው ይተዉት።